«ይዤልሻለሁ» ያለችው መልእክት፦ ከደብረ ብርሃን አንድ የቀብድ ጉዳይ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ጎኔ የሙሽራ ጸጉርና ሜካፕ የምትሠራ ልጅ አለች። ግድግዳችን አንድ ነው፤ የእሷ የጸጉር ማድረቂያ ሲጮህ የእኔ ፕሪንተር አይሰማም። ማመልከቻም ሆነ ማስታወቂያ ሲያስፈልጋት እኔ ጋ ትመጣለች። ለደንበኛ የምትልከውን የቀጠሮ መልእክት ግን አሳይታኝ አታውቅም ነበር። ያየሁት ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። የጥር ሠርግ እንዴት እንደሚጨናነቅ ታውቃላችሁ። የገና ጾም እስኪፈታ ሰው ይጠብቃል፤ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይነሣል። በዚያ ዓመት ጥምቀት እሑድ ዋለ። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 17። ስለዚህ ከጥምቀት እስከ ነነዌ የነበሩት እሑዶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ጥር 18፣ ጥር 25 እና የካቲት 2። ልጅቷ አንዲት ሙሽራ ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ሙሽራው ረፋድ ላይ ስለሚመጣ የምትሠራው ከንጋት በፊት ነው። ባንድ ሌሊት አንዲት ሙሽራ ማለት ነው።

ዋጋዋ 12,000 ብር ነው፤ ቀብዱ 4,000። ይህን ቁጥር ከሜዳ አላነሣችውም። ሙሽራዋ ብትቀር ለሁለቱ ረዳቶቿ የምትከፍለው፣ አስቀድማ የምትገዛው የዓይን ሽፋሽፍትና የሚቀጠል ጸጉር ተደማምሮ እዚያ ገደማ ይደርሳል።

ማክሰኞ ጥር 6 አንዲት ሙሽራ ለጥር 18 ጠየቀቻት። ልጅቷ እንዲህ ብላ ጻፈችላት፦

> ሰላም የኔ ቆንጆ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ጥር 18ን ይዤልሻለሁ። ቀብድ 4 ሺህ እስከ ሐሙስ 12 ሰዓት ላኪልኝ እሺ። አመሰግናለሁ።

ደግ መልእክት ናት። ችግሩም ደግነቷ ላይ ነው።

ገንዘቡን የሚከፍለው የሙሽራዋ ወንድም ነበር፤ ዱባይ ነው ያለው። ሙሽራዋ መልእክቷን እንዳለች አስተላለፈችለት። እሱ «12 ሰዓት» የሚለውን በስልኩ ሰዓት አነበበው፤ እኩለ ሌሊት መሰለው። አዲስ አበባ ላለ ጓደኛው ደውሎ «እስከ 12 ጊዜ አለን» አለው። ጓደኛው ሐሙስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከራሱ ባንክ ወደ ልጅቷ ባንክ ላከና የስክሪኑን ፎቶ ለሙሽራዋ ሰደደላት። የሁለቱ ባንክ ለየቅል ነው፤ ብሩ የገባው ዓርብ ጠዋት ነበር።

ልጅቷ ያሰበችው የሐሙስን ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ ሱቅ የምትዘጋበትን። 12 ሆነ፣ ብር የለም። አንድ ሰዓት ላይ ሌላ ሙሽራ ደወለች፤ እያወሩ 4,000 ብር በቴሌብር ገባ። ልጅቷም «የመጀመሪያዋ ትታዋለች» ብላ ቀኑን ሰጠች። ለመጀመሪያዋ ግን ምንም አልጻፈችላትም።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ቀብድና አንድ እሑድ ይዛ ተነሣች።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የሙሽራዋ አክስት ከጠባሴ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ስልኩን ዘረጉላት። እኔም ጩኸት ስሰማ ገባሁ።

«ይዤልሻለሁ ብለሻል፤ አላልሽም?»

«ብያለሁ እትዬ፣ ግን እስከ 12 ሰዓት ነው ያልኩት።»

«12 ሰዓት ላኪልኝ አልሽ። ልጁ ልኳል። ካላከ ይቀራል ያልሽው የታለ? አሳዪኝ።»

አልነበረም። ልጅቷ ስልኩን ወደ ላይም ወደ ታችም ገፋችው። የለም።

አክስቲቱ በዚህ አላበቁም። «ቀብድ ተቀብሎ ያፈረሰ እጥፉን ነው የሚመልሰው» አሉ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች፤ ውሸት ነው እንድላት ነበር። ግን ውሸት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ራሱን የቻለ ነገር አለው። ቀብድ መስጠትና መቀበል ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል፤ ቁጥሩ 1883 ነው። በ1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ትቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ግን የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል። አክስቲቱ ቁጥሩን አያውቁም። ሕጉን ግን እንደ ምሳሌያዊ ንግግር ያውቁታል፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ዳኛ ፊት ቢቀርብ ልጅቷም የምትለው አላት። ገንዘቡ ዘግይቶ መጥቷል፤ በስህተት የገባን ብር መመለስ ውል ማፍረስ አይደለም ልትል ትችላለች። ነገር ግን ክርክሩ ሁሉ የሚመጣው ወደዚያች መልእክት ነው። መልእክቷ ደግሞ የምትመሰክረው ለአክስቲቱ ነው።

ክስ ላይ አልተደረሰም። ልጅቷ ሁለቱንም ሙሽሮች ልትሠራ ተስማማች። የመጀመሪያዋን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ጀመረች፤ ሁለተኛዋን 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀበለች። የደብረ ብርሃንን የጥር ሌሊት ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ይከብዳል። ፋውንዴሽኑ ጠርሙስ ውስጥ ረግቶ እምቢ ስላለ ብብቷ ሥር ይዛ አሞቀችው። ረዳቶቿ የሌሊት ተብሎ እጥፍ ተከፈላቸው። ከሁለት ሙሽራ ያገኘችው ትርፍ ከአንዷ ከምታገኘው ብዙም አልበለጠም።

ሰኞ ወንበር ስባ እኔ ጋ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ይቺን መልእክት አስተካክልልኝ» አለች።

መጀመሪያ የያዝነው «ይዤልሻለሁ»ን ነው። ይህ ቃል ያለቀ ነገር ነው የሚናገረው። ተይዟል፣ አለቀ። ደግሞም «ልሽ» አለበት፤ ላንቺ ብዬ፣ ለውለታ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ገንዘብ የመያዣ ሁኔታ መሆኑ ይቀርና የተያዘ ነገር ክፍያ ይሆናል። ሰሚው «ዘግይቼ ብከፍል ብትቆጣ ነው እንጂ ቀኑ የትም አይሄድም» ይላል። ልክም ነው።

ልጅቷ ራሷ አንድ ሙከራ አመጣች፦ «ቀብዱ ሲገባ እይዝልሻለሁ»። ይሻላል፤ ግን አልበቃኝም። «ሲገባ» ያለው ሰው ገንዘቡ እንደሚገባ ይዞ ነው የሚናገረው፤ «ማታ ስትመጣ እናወራለን» እንደማለት ነው። ሁኔታነቱ ሳይሰማ ያልፋል። አማርኛ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ አለው፤ ዐረፍተ ነገሩን መገልበጥ። «ቀኑ የሚያዘው ቀብዱ ሲገባ ነው።» ቃላቱ ያው ናቸው፤ ክብደቱ ግን መጨረሻው ላይ አረፈ። የሚሰማው ሰው «ካልገባስ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም። «ብቻ» ብንጨምርበትም ነበር፤ ግን ከ«ነው» ጋር ሲሆን ትንሽ የቁጣ ድምፅ ስለሚሰጥ ተውነው።

ቀጥሎ «ላኪልኝ» ነበር። ወንድምየው ልኳል። በእሱ በኩል ግዴታው ተፈጽሟል። ብሩ በየት እንደቆየ የእሱ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ መላክ የሚል ቃል ከመልእክቱ እንዲወጣ አደረግን። የገባነው ወደ «መግባት» ነው፤ ሰውም በአፉ የሚለው «ብሩ ገባልሽ?» ነው። ይህ ለውጥ ሌላ ጥቅም አለው። የስክሪን ፎቶ የመላክ ማስረጃ ነው እንጂ የመግባት አይደለም። ፎቶ ደግሞ ይቀናበራል፤ መልእክትም ከግል ስልክ ተቀድቶ ይላካል። የቴሌብር ማረጋገጫ የሚመጣው ከ127 ነው። ከሌላ ቁጥር የመጣውን ትቶ ሂሳብን ራሱን ከፍቶ ማየት ነው።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ቆየን። በእኛ ሰዓት እንደ 12 የሚያሳስት የለም። ጠዋትም ማታም አለ፤ ንጋቱም ምሽቱም እሱ ላይ ነው። የውጭ ሰዓት የለመደ ሰው ደግሞ ቀትርን ወይም እኩለ ሌሊትን ያስባል። ባንድ ቁጥር አራት ሰዓት ማለት ነው። ልጅቷ ወደ 11 አወረደችው። «ከቀኑ 11 ሰዓት» ሲባል የሌሊቱ 11 ወጣ። በውጭ ሰዓት ያነበበው ሰው ረፋድ መስሎት ቀድሞ ቢከፍል ጉዳት የለውም። ለሁሉም ብለን አጠገቡ «በስልክ ሰዓት 17:00» የሚል ጨመርን፤ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ደግሞ በኢትዮጵያ መሆኑ ይነገረዋል። የቴሌብር ማረጋገጫም ቀኑንና ሰዓቱን የሚጽፈው በዚያው በውጭው አቆጣጠር ስለሆነ ጭቅጭቅ ቢነሣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይቀላል።

«እስከ»ንም ለወጥነው። እስከ ሐሙስ ሲባል ሐሙስ ይቆጠራል አይቆጠርም? እስከ 11 ሲባል 11 ከ5ስ? «ከ11 ሰዓት በፊት» አይከራከርም። ቀኑም በስሙና በቁጥሩ ይጻፍ አልኳት፤ «ሐሙስ ጥር 22»። ዓርብ ላይ ሆኖ የሚያነበው ሰው የሚመጣውን ሐሙስ እንዳይል።

እዚህ ላይ ልጅቷ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች። «ጋሼ፣ ብሩ እስኪገባ ካልያዝኩላት ሰዓት መቁረጡ ለምንድነው? ቀድሞ የከፈለ ይወስዳል ማለት ነው እኮ።»

ሰዓቱ ሁለት የተለያየ ሥራ ሊሠራ ይችላል። አንደኛው «እስከዚህ ሰዓት ለሌላ አልሰጥም» ነው። ይህ እውነተኛ መያዝ ነው፤ ያለ ገንዘብ። ሕጉም ይህን ይጠብቀዋል። በቁጥር 1690፣ ጊዜ ወስኖ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ባቀረበው ይታሰራል። ሁለተኛው «ከዚህ ሰዓት በኋላ የሚመጣ ገንዘብ ቀን አያስይዝም» ነው። ይህ በሩን መዝጊያ ነው። ያለዚህ መዝጊያ፣ ከአምስት ቀን በኋላ ሳይታሰብ 4,000 ብር ይገባና «ልኬያለሁ፣ ቀኑ የእኔ ነው» የሚል ሰው ይመጣል። ልጅቷ የፈለገችው ሁለተኛውን ነው። ሰዓት ብቻ ጽፋ ዝም ብትል ግን አንባቢው የመጀመሪያውን ይሰማል። ስለዚህ ክፍት መሆኑ በግልጽ መነገር ነበረበት።

እውነቱን ለመናገር እኔ የመጀመሪያውን ለአንድ ቀን ብትፈቅድ እመርጥ ነበር። ከመንዝ ከመሐል ሜዳ ለሚደውል፣ ብር ለመላክ ከተማ መውጣት ለሚኖርበት ቤተሰብ፣ «ቀድሞ የከፈለ» የሚለው ለከተሜው ያደላል። እሷ ግን ለሦስት እሑድ አልችልም አለች። ሥራው የእሷ ነው፤ ዝም አልኩ።

«ቀብድ» የሚለውን ቃል ይቀየር አይቀየር ብለንም ተነጋገርን። «ቅድመ ክፍያ» ብትል ከእጥፉ ነገር የምታመልጥ መስሏት ነበር። መቼም ስም በመቀየር ብቻ ነገሩ ይቀየራል አልላትም፤ ግን ከሕጉም በላይ የሚያሳስበኝ ሰው ነበር። ቀብድ ሲባል እናትም አያትም ይገባቸዋል፤ ብትቀር እንደሚበላ፣ ሠሪዋ ብታፈርስ እንደሚያስከፍላት። የእሷን የሚያስከብረው ቃል እሷንም ያስራል። ቀብድ ብላ ተወችው።

አንድ ነገር ቀረ፤ ማን «ተይዟል» ይላል? በመጀመሪያው መልእክት ያለቀው ነገር መጀመሪያ ላይ ተባለ። አሁን መጨረሻ ላይ፣ ብቻውን፣ በሌላ መልእክት ይምጣ አልን። ብሩ ከገባ በኋላ ልጅቷ «ተይዟል» ብላ ትጽፋለች። ያቺ ቃል ያልተጻፈችለት ሰው ቀን የለውም።

የወጣው ይህ ነው፦

> ሰላም፣ እንኳን ደስ አለዎ። እሑድ ጥር 25 እስካሁን ክፍት ነው፤ ለማንም አልተያዘም።
> ቀኑ የሚያዘው 4,000 ብር ቀብድ ሐሙስ ጥር 22 ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት (በስልክ ሰዓት 17:00) ቴሌብሬ ላይ ሲገባ ነው።
> እስከዚያ ሌላ ሙሽራ ቀድማ ከከፈለች ቀኑ የእሷ ይሆናል፤ ወዲያው እነግርዎታለሁ።
> ከ11 ሰዓት በኋላ የገባ ብር ቀን አያስይዝም፤ በማግስቱ ይመለሳል።
> ብሩ ሲገባ «ተይዟል» ብዬ እጽፋለሁ። «ተይዟል» የሚለው መልእክት ካልደረሰዎ ቀኑ አልተያዘም።

«የኔ ቆንጆ» ወጥታለች። «እርስዎ» የገባው ለክብር ብቻ አይደለም፤ መልእክቱን የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ ነው፤ አባት፣ ወንድም፣ አጎት። እንኳን ደስ አለዎ ግን ይቆይ አልኩ። ሠርግ ነው፣ የመብራት ሂሳብ አይደለም።

«ወዲያው እነግርዎታለሁ» የምትለዋን ልጅቷ ልታወጣት ነበር፤ ሥራ ታበዛብኛለች ብላ። እምቢ አልኩ። በጥር 18 ጉዳይ ከሁሉ የከፋው ጥፋቷ ቀኑን መስጠቷ አልነበረም፤ ለመጀመሪያዋ ሳትነግር ማደሯ ነው። ሐሙስ ማታ አንድ መስመር ብትጽፍ ኖሮ የአዲስ አበባው ሰው ብሩን አይልክም ነበር።

መልእክቱ የተፈተነው በዚያው ሳምንት ነው። ለጥር 25 ሦስት ሰዎች ጠየቁ፤ ለሦስቱም ያንኑ ላከች። አንዷ «እንዲህ በሕግ የሚያወራ ሠሪ አልፈልግም» ብላ ቀረች። ይህ ይኖራል፤ ልጅቷ ተናደደች፣ እኔ ብዙም አልገረመኝም። ሁለተኛዋ ዝም አለች። ሦስተኛው የሙሽራ አባት ነበሩ፤ ከሸዋ ሮቢት። ብራቸው የገባው ሐሙስ 11 ሰዓት ከ20 ነው፤ ማረጋገጫው 17:20 ይላል።

ልጅቷ ስልኳን ይዛ መጣች። «ሃያ ደቂቃ ናት፣ ቀኑም ክፍት ነው። ዝም ብዬ ልቀበል?»

ተቀበይ፣ ዝም ብለሽ ግን አይሆንም አልኳት። ዝም ብላ ብትቀበል ሰዓቱ ለይስሙላ እንደተጻፈ ራሷ መሰከረች ማለት ነው፤ ለሚቀጥለው ሰው ሃያው ደቂቃ ሁለት ሰዓት ይሆናል። እንዲህ ጻፈችላቸው፦

> ብሩ የገባው 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ ቀኑን በራሱ አያስይዝም ነበር። እሑድ ጥር 25 ግን አሁንም ክፍት ስለሆነ ተቀብያለሁ። ተይዟል።

ሰውየው ደወሉ። ይቆጡ ይሆን ብላ ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ። «ልጄ፣ ጣርማ በር ላይ ኔትወርክ አጥቼ ነው እንጂ እኔስ በጊዜ ነበር ያሰብኩት። ተይዟል ያልሽው ግን እርግጥ ነው?» አሏት።

ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ እንደገና ተጀመረ። የጠባሴዋ አክስት ደግሞ ሌላ የወንድም ልጅ ይድራሉ፤ ለዳግማይ ትንሣኤ። ያን ሁሉ ተቆጥተው ተመልሰው መምጣታቸው ለኔም ገርሞኝ ነበር፤ ልጅቷ ግን «ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል የተነሣሁላቸው ቀርቶ ነው?» አለች። አዲሱን መልእክት ላከችላቸው። በነጋታው ከረፋዱ 3 ሰዓት ላይ 4,000 ብር ገባ። ልጅቷ እጇ ቀለም ነክሯል፤ መልስ አልጻፈችም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

«አንቺ ልጅ፣ ብሩ ገብቶልሻል አይደል? ታዲያ ተይዟል በይኝ እንጂ!»